ለተበላሹ የመንገድ መብራቶች ጥገና ለመጠየቅ ነዋሪዎች ለአስተዳደር የሚጽፉት ደብዳቤ፦ ከምሽት ቆጠራ እስከ ጥገናው ማረጋገጫ

ስለ ጠፋ የመንገድ መብራት የሚጻፍ ደብዳቤ ብዙውን ጊዜ መልስ የሚያጣው ቋንቋው ስላላማረ አይደለም። ደብዳቤው ከኃላፊ ወደ ኃላፊ ተመርቶ በመጨረሻ እጁ ላይ የሚደርሰው የጥገና ባለሙያ የትኛው ምሰሶ ዘንድ ሄዶ ምን እንደሚሠራ ከጽሑፉ ማወቅ ስለማይችል ነው። «ሰፈራችን በጨለማ ተውጧል» የሚለው ዓረፍተ ነገር እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን መሰላልና መሣሪያ ይዞ ለሚወጣ ሠራተኛ አንድም ምሰሶ አይጠቁምም። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ሁለት አንባቢዎች እንዳሉት አድርጎ መጻፍ ያስፈልጋል። አንደኛው ወረቀቱን በአንድ ደቂቃ አንብቦ ለሚመለከተው ክፍል የሚመራው ኃላፊ ሲሆን፣ ለእርሱ ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ጽሑፍ ይበቃዋል። ሁለተኛው ባለሙያው ሲሆን፣ ለእርሱ ደግሞ ምሰሶ በምሰሶ የተዘረዘረ ሠንጠረዥ በአባሪነት ይያያዝለታል።

ከዚህ በታች ያለው ማብራሪያ ሁሉ አንድ ምሳሌ ይዞ ይሄዳል። ከዋናው አስፋልት መታጠፊያ እስከ አንድ ትምህርት ቤት በር ድረስ 600 ሜትር ያህል የሚረዝም የውስጥ መንገድ እንውሰድ። በመንገዱ ላይ 35 ሜትር ያህል እየተራራቁ የተተከሉ 18 የመብራት ምሰሶዎች አሉ፤ ከእነዚህ መካከል 8ቱ በአግባቡ አይሠሩም።

መጀመሪያ ቆጠራው

ብዕር ከመነሳቱ በፊት ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ሆነው መንገዱን በምሽት ከዳር እስከ ዳር በእግር መሄድ አለባቸው። ጥሩው ሰዓት ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ነው፤ ጀምበር እንደጠለቀች ወዲያው ከተወጣ ገና ያልበራው መብራት እንደተበላሸ ተደርጎ ሊመዘገብ ይችላል። በዚያው ሰዓት በመንገዱ ዳር ባሉ ቤቶች ኤሌክትሪክ መኖሩን አይቶ መጻፍም ግዴታ ነው። ይህ ካልተደረገ ደብዳቤው ሲቀርብ የሚሰጠው የመጀመሪያ ምላሽ «ያን ዕለት በአካባቢው ኃይል ተቋርጦ ነበር» የሚል ሊሆን ይችላል፤ የሚከራከር ማስረጃም አይኖርም። በዚህ ምክንያት ቆጠራው ከጥቂት ቀናት በኋላ በሌላ ምሽት ይደገማል። በሁለቱም ምሽቶች ጠፍቶ የተገኘ መብራት ጉዳይ ኃይል ተቋርጦ ነበር በሚል ምላሽ አይዘጋም።

ምሰሶዎች ብዙ ጊዜ በሰሌዳ ወይም በቀለም የተጻፈ ቁጥር ይኖራቸዋል፤ ካለ እርሱው ይጻፋል። ከሌለ ነዋሪዎቹ ራሳቸው ከአንድ ቋሚ ቦታ ጀምረው ይቆጥራሉ፣ የቆጠራውንም መነሻ በግልጽ ይጽፋሉ። በምሳሌያችን «1ኛ ምሰሶ» ማለት ከአስፋልቱ መታጠፊያ ሲገባ በስተግራ የመጀመሪያው ምሰሶ ነው። «ከሱቁ ፊት ለፊት ያለው» የሚል መግለጫ ብቻውን አይበቃም፤ ሱቅ ይዘጋል፣ የአካባቢውን ሰው የማይጠይቅ ሠራተኛም አያገኘውም። ቁጥሩና ምልክቱ አንድ ላይ ሲጻፉ ግን ስህተት የሚፈጠርበት ዕድል ይጠባል። በምሰሶው ላይ ቀለም መቀባት ወይም ቁጥር መለጠፍ አያስፈልግም፤ የሌላ አካል ንብረት ነው።

በቆጠራው ወቅት ሽፋኑ የተከፈተና ሽቦው የሚታይ ምሰሶ፣ ያዘነበለ ምሰሶ ወይም የተንጠለጠለ ገመድ ከታየ ደብዳቤው እስኪዘጋጅ መጠበቅ ፈጽሞ አይገባም። ከምሰሶው ግርጌ አካባቢ ያለችው ትንሽ በር የገመድ መገናኛና ፊውዝ የሚገኝባት ናት፤ ተከፍታ ከተገኘች ልጅ እጁን ሊያስገባ ይችላል። ይህ በዚያው ምሽት በስልክ የሚነገር ጉዳይ ነው። ማንም ነዋሪ በሩን ለመዝጋት ወይም ውስጡን ለማየት መሞከር የለበትም፤ መብራቱ ጠፍቷል ማለት ገመዱ ኃይል የለውም ማለት አይደለም። በደብዳቤው የሚገባው በስልክ የተነገረበት ቀንና ሰዓት ብቻ ነው።

የጨለማው አቀማመጥ ምን ይናገራል

ደብዳቤውን ከሌሎች አቤቱታዎች የሚለየው ይህ ክፍል ስለሆነ ሰፋ አድርጌ አየዋለሁ። መብራቶቹ የጠፉበት ቅደም ተከተል ለባለሙያው ብዙ ነገር ይነግረዋል። በሁለት ጎረቤቶቹ መካከል ብቻውን የጠፋ መብራት ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ በምሰሶው ላይ ነው፤ አምፖሉ፣ በውስጡ ያለው የኃይል መቆጣጠሪያ ወይም ከግርጌው ያለው ፊውዝ ሊሆን ይችላል። ስድስት ተከታታይ መብራቶች በአንድ ምሽት አብረው ከጠፉ ግን ስድስት አምፖሎች በአንድ ቀን ተቃጠሉ ብሎ ማሰብ ይከብዳል። ኃይል የሚያደርሳቸው ገመድ ተቆርጦ፣ ተሰርቆ ወይም መስመሩን የሚጠብቀው ማቋረጫ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ለመጀመሪያው ዓይነት ብልሽት መሰላልና መለዋወጫ የያዘ ሠራተኛ ይበቃል። ሁለተኛው የገመድ ምርመራ፣ ምናልባትም ቁፋሮ ይጠይቃል። ሁለቱን «8 መብራቶች ጠፍተዋል» በሚል አንድ ቁጥር ጠቅልሎ የሚያቀርብ ደብዳቤ ስምንት አምፖል የያዘ ሠራተኛ ያስልካል፤ እርሱም ሁለቱን ጠግኖ ስድስቱን ሳይነካ ይመለሳል።

ሌላም መታየት ያለበት አቀማመጥ አለ። አንዱ ጠፍቶ ሁለቱ እየበሩ፣ ደግሞ አንዱ ጠፍቶ ሁለቱ እየበሩ የሚቀጥል ከሆነ፣ ማለትም በየሦስተኛው ምሰሶ ጨለማ ከሆነ፣ መብራቶቹ በሦስት የኃይል መስመሮች ላይ ተራ በተራ ተቀጥለው አንደኛው መስመር ተቋርጦ ሊሆን ይችላል። ይህን አቀማመጥ በሠንጠረዡ ያየ ባለሙያ ከየምሰሶው ሳይሆን ከመቆጣጠሪያ ሳጥኑ ይጀምራል።

እየበራ የሚጠፋም መብራት ተበላሽቷል ተብሎ መመዝገብ አለበት። ቢጫ ብርሃን የሚሰጡት የሶዲየም አምፖሎች ዕድሜያቸው ሲያልቅ ይበራሉ፣ ሲሞቁ ይጠፋሉ፣ ቀዝቅዘው እንደገና ይበራሉ፤ ሌሊቱን ሙሉም እንዲሁ ይደጋግማሉ። የቆጠራው ቡድን በሚያልፍበት ቅጽበት በርቶ ከተገኘ «ደህና» ተብሎ ይታለፋልና፣ በአካባቢው የሚኖር ሰው መጠየቅ ወይም አሥር ደቂቃ ቆሞ ማየት ይጠቅማል። በቀን የሚበራ መብራትም እንዲሁ ብልሽት ነው። ጨለማና ብርሃንን የሚለየው መሣሪያ ሲበላሽ መብራቱን ሳያጠፋ እንዲተው ሆኖ የሚሠራበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ፣ ቀን የሚበራ መብራት ይህ መሣሪያ መታየት እንዳለበት ይጠቁማል።

ይህን ሁሉ ማወቅ የሚጠቅመው ምን መመዝገብ እንዳለበት ለመምረጥ ነው። በደብዳቤው ውስጥ ግን ምክንያቱን መፍረድ አይገባም። «ፊውዙ ተቃጥሏል» ብሎ የጻፈ ነዋሪ ከተሳሳተ አንድ የጥገና ጉዞ ያባክናል፣ የቀረው ጽሑፍም ታማኝነቱን ያጣል። «ከ9ኛው እስከ 14ኛው ያሉት 6 መብራቶች መስከረም 28 ምሽት በአንድ ጊዜ ጠፉ» የሚለው ግን የታየ ነገር ነው፤ ምክንያቱን ባለሙያው ራሱ ይደርስበታል።

ለማን ይጻፋል

አምፖሉን የሚጠግነውና ኃይሉን የሚያቀርበው አካል አንድ ላይሆን ይችላል። በዋና መንገድ ላይ ያለ መብራት በመንገዶች ተቋም፣ በውስጥ መንገድ ላይ ያለው ደግሞ በማዘጋጃ ቤት ወይም በአስተዳደሩ ሥር ሊሆን ይችላል። ከመጻፍ በፊት ወደ ቅርቡ የአስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሄዶ «የዚህን መንገድ መብራት የሚጠግነው የትኛው ክፍል ነው?» ብሎ መጠየቅ የሳምንታት መንከራተትን ያስቀራል። ደብዳቤው ለአንድ ጽሕፈት ቤት ብቻ ይጻፋል፣ ሌሎቹ በግልባጭ ይገባሉ። ለአራት መሥሪያ ቤቶች እኩል የተጻፈ ደብዳቤ እያንዳንዱ ሌላው ይሠራዋል ብሎ እንዲጠብቅ ያደርጋል።

ደብዳቤው

የጉዳዩ መስመር ቦታውን፣ ብዛቱንና የሚጠየቀውን ነገር መያዝ አለበት፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ወደ መዝገቡ የሚያስገባው እርሱን ነውና። «ቅሬታ ስለማቅረብ» ብቻ የሚል ከሆነ ከሌሎች ቅሬታዎች ጋር ይቀላቀላል። የመጀመሪያው አንቀጽ የታየውን፣ ሁለተኛው ያስከተለውን፣ ሦስተኛው የሚጠየቀውን ይይዛል። የምሳሌያችን መንገድ ነዋሪዎች እንዲህ ይጽፉታል።

ቀን፦ ጥቅምት 20 ቀን ........ ዓ.ም.

ለ........ ወረዳ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት
........

ጉዳዩ፦ ከአስፋልት መታጠፊያ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ባለው የውስጥ መንገድ ላይ የተበላሹ 8 የመንገድ መብራቶች እንዲጠገኑልን ስለመጠየቅ

እኛ ስማችንና ፊርማችን በአባሪ 2 የተገለጸው 43 ነዋሪዎች፣ ከላይ በተጠቀሰው 600 ሜትር ገደማ በሚሆን መንገድ ላይ ከተተከሉት 18 የመብራት ምሰሶዎች መካከል 8ቱ በአግባቡ እንደማይሠሩ በአክብሮት እናሳውቃለን። ጥቅምት 14 እና ጥቅምት 18 ቀን ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ፣ በአካባቢው ቤቶች ኤሌክትሪክ መኖሩን አረጋግጠን ባደረግነው ቆጠራ፣ ከ9ኛው እስከ 14ኛው ምሰሶ ያሉት 6 ተከታታይ መብራቶች ሙሉ በሙሉ ጠፍተው፣ የ4ኛው ምሰሶ መብራት ደግሞ በየጥቂት ደቂቃው እየበራ ሲጠፋ አግኝተናል። የ17ኛው ምሰሶ መብራት ጥቅምት 15 ቀን ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ በርቶ ታይቷል። ስድስቱ ተከታታይ መብራቶች መሥራት ያቆሙት መስከረም 28 ቀን ምሽት በአንድ ጊዜ ነው። በ11ኛው ምሰሶ ግርጌ ያለው ሽፋን ተከፍቶ ሽቦ ይታይ ስለነበር ጥቅምት 14 ቀን ከምሽቱ 2፡30 ሰዓት ላይ በስልክ አመልክተናል። ዝርዝሩ በአባሪ 1 ተያይዟል።

በዚህ ምክንያት ከ8ኛው እስከ 15ኛው ምሰሶ ድረስ ያለው 240 ሜትር ያህል የመንገዱ ክፍል ምንም ብርሃን የለውም። በዚሁ ክፍል በ12ኛው ምሰሶ አጠገብ ክዳን የሌለው የጎርፍ ማፍሰሻ ቦይ ያለ ሲሆን፣ ጥቅምት 3 ቀን ምሽት አንዲት ነዋሪ ቦዩ ውስጥ ወድቀው እግራቸው ላይ ጉዳት ደርሶባቸዋል። የማታ ተማሪዎችም ትምህርት ሲጨርሱ የሚመለሱት በዚሁ መንገድ ነው።

ስለሆነም፦
1ኛ. በአባሪ 1 የተዘረዘሩት መብራቶች ተመርምረው እንዲጠገኑልን፣ በቅድሚያም ከ9ኛው እስከ 14ኛው ያለው መስመር እንዲታይልን፤
2ኛ. ምርመራው የሚካሄድበት ቀን በጽሑፍ ወይም በስልክ እንዲገለጽልን፤
3ኛ. ጥገናው የሌላ መሥሪያ ቤት ኃላፊነት ከሆነ ደብዳቤያችን ወደዚያ ተመርቶ የተመራበት ቁጥርና ቀን እንዲነገረን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከሠላምታ ጋር

የነዋሪዎቹ ተወካዮች ስም፣ ፊርማና ስልክ፦
1. ................
2. ................

አባሪ፦
1. የምሰሶዎች ዝርዝር (1 ገጽ)
2. የነዋሪዎች ስምና ፊርማ (2 ገጽ)

ግልባጭ፦
ለ........ የመንገድ መብራት ጥገና ክፍል

ከሦስቱ ጥያቄዎች ብዙ ሰው የሚረሳው ሦስተኛውን ነው። «እኛን አይመለከትም» የሚል መልስ ሲሰጥ ጉዳዩ በዚያው ይቆማል፤ ጥያቄው አስቀድሞ ከተጻፈ ግን ጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤውን የሚመራበት ምክንያት አለው። ሁለተኛው አንቀጽ ላይም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ስለ ዝርፊያና ስለ አደጋ የሚወራውን ሁሉ መጻፍ ያጓጓል፤ ሆኖም ቀኑና ቦታው የሚታወቅ አንድ ጉዳት «ብዙ ሰዎች እየተጎዱ ነው» ከሚል ጥቅል አባባል ይልቅ ያስኬዳል። የተጎዳው ሰው ሳይፈቅድ ግን ስሙ አይጻፍም።

የአባሪ 1 ሠንጠረዥ አራት ዓምዶች ይበቁታል፦ የምሰሶ ቁጥር፣ አጠገቡ ያለ ምልክት፣ የታየው ሁኔታ፣ የታየበት ቀንና ሰዓት። የሚሠሩትን አሥር ምሰሶዎችም «ይሠራል» ብሎ በዝርዝሩ ማስገባት አስፈላጊ ነው። ያለ እነርሱ ከ9 እስከ 14 ያለው ጨለማ ተከታታይ መሆኑና በ8 እና በ15 ላይ መቆሙ አይታይም፤ ባለሙያው ፍለጋውን የሚጀምረው ደግሞ በርቶ ባለው የመጨረሻ ምሰሶና በጠፋው የመጀመሪያ ምሰሶ መካከል ሊሆን ይችላል። ፎቶ ማያያዝ ከተፈለገ አንድ የቀን ፎቶ ከምሰሶው ቁጥር ጋር፣ አንድ ደግሞ በርቶ ያለውን 8ኛውን ምሰሶና ከኋላው ያለውን ጨለማ አንድ ላይ የሚያሳይ የምሽት ፎቶ በቂ ነው። ጨለማ ብቻ የሚታይበት ፎቶ ቦታውን አያሳይም።

ፊርማ

የፊርማው ወረቀት ባዶ መስመሮች ብቻ ያሉበት መሆን የለበትም። በየገጹ አናት የደብዳቤው ቀንና የጉዳዩ መስመር ሙሉ በሙሉ ይጻፋል፤ የሚፈርመው ሰው የሚፈርምበትን ያውቃል፣ ገጹም ተነጥሎ ከሌላ አቤቱታ ጋር እንዳይያያዝ ይጠብቀዋል። ስም፣ የቤት ቁጥርና ፊርማ ይበቃሉ። ስልክ የሚሰጡት ሁለቱ ተወካዮች ብቻ ይሁኑ፤ ወረቀቱ በብዙ እጅ ያልፋልና የ43 ሰው ስልክ እንዲዞር አያስፈልግም። ተወካይ ሁለት የሚሆነው አንዱ በሌለበት ሌላው እንዲመልስ ነው። ሰው ባልፈረመበት ስም መፈረም፣ በቤተሰብ አባል ስም እንኳ ቢሆን፣ ደብዳቤውን በአንድ ጥያቄ ብቻ ዋጋ ሊያሳጣው ይችላል።

ማስገባትና መከታተል

ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ ወደ መዝገብ ቤት ይወሰዳል። አንደኛው እዚያ ይቀራል፣ በሁለተኛው ላይ ደግሞ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም ተደርጎበት ለተወካዮቹ ይመለሳል። በኃላፊው እጅ በአካል የተሰጠ ነገር ግን ያልተመዘገበ ደብዳቤ ኃላፊው ሲቀየር ዱካ አይኖረውም። የገቢ ቁጥሩ ከተያዘ ከዚያ በኋላ የሚጠየቀው ጥያቄ አጭር ይሆናል፦ ይህ ቁጥር ለየትኛው ክፍል ተመራ፣ መቼስ?

የመጀመሪያው ጥያቄ ከአንድ ሳምንት በኋላ በአካል ወይም በስልክ ይቀርባል፤ ማን ምን እንደመለሰ በቀኑ ይመዘገባል። መልስ በሌለበት ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ካለፈ ሁለተኛ ደብዳቤ ይጻፋል። ይህኛው ታሪኩን እንደገና አይተርክም። የቀደመውን ደብዳቤ የገቢ ቁጥርና ቀን ይጠቅሳል፣ አዲስ ቆጠራ ተደርጎ የተለወጠውን ብቻ ይጨምራል፣ የመጀመሪያውንም ቅጂ ያያይዛል። ለምሳሌ «በኅዳር 8 ቀን ቆጠራ 4ኛው ምሰሶ ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል፤ ሌሎቹ እንደነበሩ ናቸው» ብሎ መጻፍ ይበቃል። ወደ ላይኛው አካል መሄድ ያለበት ከዚህ በኋላ ነው፣ ሁለቱንም ደብዳቤዎች ይዞ።

ጥገናው ሲደረግ ሌላ ሥራ ይከተላል። ጥገና የሚካሄደው ብዙ ጊዜ በቀን ስለሆነ ውጤቱ የሚታየው ማታ ነው። ተወካዮቹ በዚያው ምሽት በመጀመሪያው ቅደም ተከተል ይቆጥራሉ፣ ከሳምንት በኋላም ይደግሙታል፤ በጊዜያዊ መንገድ የተቀጠለ ገመድ በመጀመሪያው ዝናብ ሊበላሽ ይችላልና። ከስድስቱ አራቱ ብቻ ከበሩ የቀሩት ሁለቱ በዚያው የገቢ ቁጥር ሥር እንዲጨመሩ ማመልከት ይገባል፤ አዲስ ጉዳይ ተብሎ ከተከፈተ የቀደመው «ተጠናቋል» ተብሎ ይዘጋል። ሁሉም ከበሩ ደግሞ ለጽሕፈት ቤቱ አራት መስመር ደብዳቤ ይላክ፦ የገቢ ቁጥሩ፣ ጥገናው የተደረገበት ቀን፣ መብራቶቹ በሁለት ቆጠራ ሲበሩ መታየታቸው፣ ለሠሩት ባለሙያዎችም ምስጋና። የተሞላው ሠንጠረዥ በተወካዮቹ ዘንድ ይቀመጥ፤ 11ኛው ምሰሶ በሌላ ጊዜ ቢጠፋ ቁጥሩ፣ ምልክቱና የቀደመው ብልሽት ተጽፎ ይገኛል።